ባክአፑ ነበረ፤ ፋብሪካው ግን ቆመ፦ ከገላን የተገኘ የኢአርፒ ጉዳይ ጥናት

ቦታው ገላን ነው። ከቃሊቲ አልፎ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ የቆርቆሮና የምስማር ፋብሪካ፤ ስሙ ይቅር። ግዢ፣ ስቶር፣ ምርት፣ ሽያጭ፣ ፋይናንስ፣ የመኪናው ሚዛን ሳይቀር በአንድ የጋራ ሶፍትዌር፣ በኢአርፒ ነው የሚሠሩት። ከኢአርፒው ጀርባ ያለው ዳታቤዝ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2019 ነው። የዳታ ፋይሉ 250 ጊጋባይት፣ እያንዳንዱ ለውጥ በተራ የሚጻፍበት የሎግ ፋይል ደግሞ 90 ጊጋባይት ደርሶ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ አንድ ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ መብራት መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሄደ። በዚህ መሀል ሰርቨሩ ላይ ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ካርድ ተቃጠለ። ካርዱ ሲሞት ዲስኮቹ ላይ ያለውን ማንበብ የሚችል ነገር ግቢው ውስጥ አልቀረም።

የአይቲ ኃላፊው መጀመሪያ ያለው ነገር «ባክአፕ አለን» ነው። እውነቱን ነበር። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ሙሉ ባክአፕ ይወሰዳል፤ ኮፒውም ማሸጊያ ክፍሉ አጠገብ ወዳለ የኔትወርክ ማከማቻ ይሄዳል። ባክአፑም ደህና ነበር፣ ተከፍቷል። ሲስተሙ የተመለሰው ግን በማግስቱ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ሲመለስም የረቡዕ ሙሉ ቀን ሥራ አልነበረበትም። ምን እንደተፈጠረ እንዳጣራና ሁለተኛ እንዳይደገም ምን መደረግ እንዳለበት እንዳቀርብ የተጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጊዜው የት ሄደ?

ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ድረስ 12 ሰዓት ከ30 ደቂቃ አለ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሁሉ ጊዜ የበላው ባክአፑን የመመለሱ ሥራ፣ ሪስቶሩ፣ መስሏቸው ነበር። የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ጠይቄ፣ የስልክ ጥሪዎቹንም አይቼ ሰዓቱን ስደረድረው ሌላ ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በመጠበቅ አለፈ። «ምናልባት ይነሳል» እየተባለ ሰርቨሩ ይጠፋል፣ ይበራል። ተስፋ ቆርጦ ወደ ባክአፕ እንዲሄድ የሚወስን ሰው አልተመደበም ነበር። ቀጣዩ 3 ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ሊተካ የሚችል ማሽን የነበረው ከተማ ውስጥ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ መኪናው ሄዶ የመጣው በሥራ መውጫ ሰዓት፣ በቃሊቲ በኩል ነው። ከዚያ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ለጭነት ሄደ። በመጣው ማሽን ላይ የነበረው የ2016ቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ነበር። በአዲስ ስሪት የተወሰደ ባክአፕ በአሮጌ ስሪት ላይ አይከፈትም፤ ስህተት ቁጥር 3169 ይሰጥና ያቆማል። የ2019ኙን መጫኛ ፍለጋ ተገባ።

ሪስቶሩ ራሱ የፈጀው 4 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተኩሉን የወሰደች አንዲት ትንሽ የኔትወርክ ስዊች ነች። ማከማቻውና ሰርቨር ክፍሉ የሚገናኙት በ100 ሜጋቢት ስዊች ነበር። በእንዲህ ዓይነት መስመር በሴኮንድ 11 ሜጋባይት ቢያልፍ ነው። ባክአፑ ተጨምቆ 140 ጊጋባይት ነው። አካፍሉት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ይመጣል። በየሌሊቱ ኮፒው በዚህችው መስመር እስኪነጋ ድረስ ቀስ እያለ ስለሚያልፍ ማንም ልብ አላለውም።

የቀረው ግማሽ ሰዓት ገደማ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ሪስቶር ሲያደርግ የሎግ ፋይሉን በነበረበት መጠን ይፈጥርና ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። ውስጡ ባዶ ቢሆንም ያው ነው። የ90 ጊጋባይቱ ሎግ በዚያ አሮጌ ዲስክ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ጠጣ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ያለው ፐርሰንት ዜሮ ላይ ቆሞ ይቀራል። ተጣብቋል ብለው ሊያቋርጡት ነበር። ቢያቋርጡት እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። ሎጉ እንዲህ ያበጠው ከወራት በፊት በአንድ ትልቅ የዳታ ማስተካከያ ወቅት ነው፤ አንዴ ካበጠ በራሱ አይቀንስም።

የመጨረሻው 1 ሰዓት ተኩል ለተጠቃሚዎች መግቢያ ሄደ። የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃሎች ያሉት ኢአርፒው ዳታቤዝ ውስጥ ሳይሆን `master` በሚባለው የሰርቨሩ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። እሱ ባክአፕ አይወሰድለትም ነበር።

የጠፋው ቀን

ኢአርፒው በየሰዓቱ የሎግ ባክአፕ ይወስድ ነበር። በደንብ ቢያዝ ኖሮ የሚጠፋው የአንድ ሰዓት ሥራ ብቻ ነው። ግን የሚጻፈው እዚያው ሰርቨር ላይ፣ D ድራይቭ ውስጥ ነው። C እና D ለዓይን ሁለት ይመስላሉ እንጂ የተቀመጡት በአንድ የዲስክ ስብስብ ላይ ነው። ካርዱ ሲቃጠል አብረው ሄዱ። የቀረው የሌሊቱ 8 ሰዓት ሙሉ ባክአፕ ብቻ ነው። ስለዚህ 13 ሰዓት ተኩል ጠፋ።

ወረቀት ያለው ክፍል ተረፈ። የሚዛን ትኬት ካርቦን ኮፒ አለው፤ ጥበቃው በር ላይ የሚቀረው የእቃ መውጫም አለ። ምርት ክፍል ግን ወረቀት አልነበረውም። የትኛው ኮይል በየትኛው ማሽን ገባ፣ ስንት ኪሎ ምስማር ወጣ፣ ስንት ኪሎ ፍርፋሪ ሆነ፣ ሁሉም ቀጥታ ስክሪን ላይ ነው የሚመዘገበው። ያንን በመገመት ሞሉት። ከሰኔ 30ው ቆጠራ ጋር ያልገጠመውም እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የደረሰኝ ቁጥር ነበር። ዳታቤዙ ወደ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲመለስ ቁጥር ቆጣሪውም አብሮ ወደኋላ ይመለሳል። ሲስተሙ የሚያውቀው የመጨረሻ የሽያጭ ቁጥር 4812 ነበር፤ ደንበኛ እጅ የገባው ግን እስከ 4871 ደርሷል። ሐሙስ ጠዋት ሽያጭ ክፍል ሥራ ሲጀምር ኢአርፒው 4813ን ለሌላ ደንበኛ ሰጠ። ሦስት ደረሰኝ በተደገመ ቁጥር ከወጣ በኋላ ነው አካውንታንቷ ያየችው። ያኔ ሽያጭ አስቆሙ።

ዒላማውን ማን ይቆርጣል?

ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ አደጋ ቢደርስ እስከ ስንት ደቂቃ ወይም ሰዓት ያለ ሥራ ቢጠፋ መቋቋም ይቻላል? ይህ የመመለሻ ነጥብ ነው፣ አርፒኦ ይሉታል። ሁለተኛው፣ ሲስተሙ ከወደቀበት ደቂቃ ጀምሮ ሰዎች ተመልሰው መሥራት እስኪችሉ ስንት ሰዓት መጠበቅ ይቻላል? ይህ የመመለሻ ጊዜ ነው፣ አርቲኦ። ሁለቱ እርስ በርስ አይያያዙም። አንድ ደቂቃ ዳታ ሳይጠፋ ሁለት ቀን መቆም ይቻላል። በግማሽ ሰዓት ተነስቶ የአንድ ቀን ሥራ ማጣትም ይቻላል።

እነዚህን ቁጥሮች አይቲ ብቻውን መቁረጥ የለበትም። ሁሉንም ክፍል ሰብስበን «ስንት ሰዓት ዳታ ቢጠፋ ትችላላችሁ?» ብለን ጠየቅን። ሁሉም «ምንም!» አሉ። ይህ መልስ አይሠራም። ጥያቄውን ቀየርነው፦ «ትናንት ከሰዓት በኋላ የሠራችሁትን አሁን ከምን ላይ አይታችሁ መልሳችሁ ትከትባላችሁ?» አሁን መልሱ ተለየ። ፋይናንስ ከቫውቸር ላይ ይከትባል። ስቶር ከመውጫ ላይ ይከትባል። የምርት ተቆጣጣሪው ትንሽ አሰቡና «ሩብ ሰዓት ከሆነ ወለሉ ላይ ያለውን አይቼ እሞላዋለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን መዋሸት ነው» አሉ። ዒላማው እዚያው ተቆረጠ። ዳታቤዙ አንድ ስለሆነ ለምርት 15 ደቂቃ፣ ለፋይናንስ አንድ ቀን ማለት አይቻልም። የጠበበው ለሁሉም ይሆናል።

የመመለሻ ጊዜውን የቆረጡት የሽያጭና የሚዛን ሰዎች ናቸው። ያለ ሲስተም በፓድ እየጻፉ ግማሽ ቀን ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ መኪናው ከግቢ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ይሰለፋል። 4 ሰዓት ተባለ።

«ለምን ከዚህ አያጥርም? ሌላ ሰርቨር ጎን ለጎን ቢሠራስ?» የሚል ጥያቄ ተነስቷል። ይቻላል። ግን ሁለተኛ ፈቃድና ሁልጊዜ የሚከታተል ባለሙያ ይጠይቃል። ደግሞ ተከታዩ ሰርቨር የሚያድነው ማሽን ሲሞት ነው። አንድ ሰው የዋጋ ዝርዝሩን በስህተት ቢያጠፋው መጥፋቱም በሴኮንድ ውስጥ እዚያ ይደርሳል። ከዚያ የሚያድነው የሎግ ባክአፕ ነው፤ ከስህተቱ አንድ ደቂቃ በፊት ድረስ መልሶ መቆም ይችላል። ለዚህ ፋብሪካ መጀመሪያ ሎጉን ማስተካከል፣ ለሌላው ገንዘብ ሲገኝ ማሰብ ይሻላል አልኩ።

የተዘረጋው አሠራር

ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሙሉ ባክአፕ። በሌሎቹ ሌሊቶች ዲፈረንሻል፣ ማለትም ከሙሉው ወዲህ የተለወጠው ብቻ። ሎግ ደግሞ በየ5 ደቂቃው፣ በቀጥታ ማሸጊያው ጋ ወዳለው ማከማቻ። ዒላማው 15 ሆኖ ሳለ 5 ያልነው አንዱ ዙር ቢከሽፍ እንኳ ከዒላማው እንዳንወጣ ነው። የመጨረሻው ሎግ 15 ደቂቃ ካለፈው ለሦስት ሰዎች መልእክት ይሄዳል። ስዊቿ በጊጋቢት ተተካች፤ ከለውጦቹ ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር። ተጠባባቂው ሰርቨር ከተማ መቀመጡ ቀረ። እዚያው ግቢ፣ በሌላ ሕንፃ፣ 2019ኙ ተጭኖበት፣ የተጠቃሚ መግቢያዎቹ በየሳምንቱ እየተገለበጡለት ይጠብቃል።

የመመለሻው ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ታትሞ ሰርቨር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መሠረቱ ይህ ነው፦

```sql
RESTORE DATABASE ErpDb FROM DISK = '\\nas01\erp\full.bak' WITH NORECOVERY, STATS = 5;
RESTORE DATABASE ErpDb FROM DISK = '\\nas01\erp\diff.bak' WITH NORECOVERY;
RESTORE LOG ErpDb FROM DISK = '\\nas01\erp\log_0001.trn' WITH NORECOVERY;
-- ሎጎቹ በተራ እስኪያልቁ
RESTORE DATABASE ErpDb WITH RECOVERY;
```

`NORECOVERY` የምትለውን ቃል አንዴ የረሳ ሰው ዳታቤዙ ይከፈትለታል፣ ደስ ይለዋል። ከዚያ ቀጣዩን ሎግ አልቀበልም ይለዋል። እንደገና ከሙሉው ባክአፕ መጀመር ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ በቀይ ተሰምሮባታል።

ሰዓትም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ተጽፏል። ጸሐፊዋ «10 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው ያጠፋሁት» ካለች ሰርቨሩ የሚያውቀው 16:15 ነው። እስከዚህ ደቂቃ ድረስ መልስ የሚለው `STOPAT` ይህን ቅየራ አያደርግልንም።

የደረሰኝ ቁጥሩም ሕግ ወጣለት። ከሪስቶር በኋላ፣ ለተጠቃሚ ሳይከፈት፣ ፋይናንስ ቆጣሪውን 500 ወደፊት ያዘልለዋል። ክፍተቱ ለምን እንደተፈጠረ በዚያው ቀን ቃለ ጉባኤ ይያዛል። የተዘለለ ቁጥር በወረቀት ይብራራል። የተደገመ ቁጥር ግን ሁለት ደንበኛ እጅ ላይ ነው፣ ምን ተብሎ ይብራራል?

አርካይቭ ለምን እዚህ ገባ

ከ250 ጊጋባይቱ ውስጥ 125ቱ ስካን የተደረጉ የመውጫና የግዢ ወረቀቶች ምስል ነበር። ሌላ 45 ደግሞ «ማን ምን ቀየረ» የሚል መዝገብ። ምስል አይጨመቅም፤ ባክአፑን ያሳበጠው እሱ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የተደረገ ስካን በየሌሊቱ ኮፒ ይደረጋል፣ አደጋ ሲመጣ ደግሞ ከዛሬው ሽያጭ ጋር አብሮ እስኪመለስ ይጠበቃል።

የተዘጉት በጀት ዓመታት ስካንና የለውጥ መዝገብ ለብቻው ወደ ተከፈተ ዳታቤዝ ተዛወሩ። የያዝነውና ያለፈው ዓመት ብቻ ቀሩ። አርካይቩ እንዲነበብ ብቻ ተደርጎ ተቆለፈ። ስለማይለወጥ ባክአፕ የሚወሰደው አንድ ጊዜ ነው፤ በሁለት ቦታ ይቀመጣል፣ በዓመት አንዴ ተከፍቶ ይፈተሻል። አዲስ ዓመት የሚዛወረው ሐምሌ ከገባና ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ረድፎቹን ማጥፋት ብቻውን ፋይሉን አያሳንሰውም። ባክአፑ ያንሳል፣ ምክንያቱም የሚወስደው የተያዘውን ቦታ ነው። ሪስቶር ሲደረግ ግን ፋይሉ በድሮው መጠን ይፈጠራልና ተጠባባቂው ሰርቨር ያን ያህል ባዶ ዲስክ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ `DBCC SHRINKFILE` አደረግን፤ ኢንዴክሶቹ በዚህ ስለሚበታተኑ መልሰን ገነባናቸው። የዳታ ፋይሉ 95፣ ሎጉ 8 ጊጋባይት ሆነ። ሙሉው ባክአፕ ከ140 ወደ 30 ወረደ።

30 ጊጋባይት መሆኑ ሌላም በር ከፈተ። የግቢው ኢንተርኔት ወደ ላይ የሚልከው በ20 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር በሴኮንድ 2 ሜጋባይት። 140 ጊጋባይት ወደ ከተማው ቢሮ ለመላክ ከ19 ሰዓት በላይ ይፈጃል። 30 ግን በ4 ሰዓት ገደማ፣ ሥራ ሳይጀመር ይደርሳል።

ፋይናንስ ክፍሉ «የ10 ዓመት መዝገብ ማስቀመጥ አለብን፣ የድሮ ባክአፖችን አታጥፉ» ብሎ ነበር። የንግድ ሕጉ ስለ ሂሳብ መዛግብት የሚጠይቀውን ማለታቸው ነው። ግን የድሮ ባክአፕን ለማንበብ ያኔ የነበረው ኢአርፒና የዳታቤዝ ስሪት ያስፈልጋል። ከ8 ዓመት በኋላ ኦዲተር ቢጠይቅ ማን ይጭነዋል? ስለዚህ በየዓመቱ መዝጊያ ላይ ሌጀሩ፣ ሙከራ ሚዛኑና የደረሰኝ ዝርዝሩ በፒዲኤፍና በተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ወጥተው ከአርካይቩ ጋር ይቀመጣሉ። ባክአፕ በሳምንታት ይሽራል፣ አርካይቭ ግን ዓመታቱን ሙሉ ይቀመጣል።

ሙከራው

የመጀመሪያውን ሙከራ ቅዳሜ አደረግን። ሰርቨሩ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተ ተብሎ ተቆጠረ። ሙሉው ባክአፕ በ12 ደቂቃ ተመለሰ። የሌሊቱ ዲፈረንሻል ላይ ግን ስህተት 3136 መጣ፤ ይህ ዲፈረንሻል በዚያ ሙሉ ባክአፕ ላይ አይገባም ማለት ነው። ፋይሉ አልተበላሸም። ታዲያ ምን ሆነ? መልሱ የተገኘው ከዚህ ነው፦

```sql
SELECT backup_start_date, type, is_copy_only, user_name
FROM msdb.dbo.backupset
WHERE database_name = 'ErpDb'
ORDER BY backup_start_date DESC;
```

ሐሙስ ቀን ላይ አንድ ማንም ያላቀደው `D`፣ ማለትም ሙሉ ባክአፕ፣ ተቀምጧል። የኢአርፒው አቅራቢ ባለሙያ ማሻሻያ ከመጫኑ በፊት ለጥንቃቄ ብሎ ሙሉ ባክአፕ ወስዶ፣ በኤክስተርናል ዲስኩ ይዞት ሄዷል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን `COPY_ONLY` ሳይባል የተወሰደ ሙሉ ባክአፕ ለቀጣዮቹ ዲፈረንሻሎች አዲስ መነሻ ይሆናል። የዓርብና የቅዳሜ ዲፈረንሻሎች የሚገቡት አሁን በእሱ ቦርሳ ውስጥ ባለው ፋይል ላይ ነው።

የሎግ ሰንሰለቱን ግን እንዲህ ያለው ባክአፕ አይበጥሰውም። ስለዚህ መውጫ ነበረ። የሐሙስ ሌሊቱ ዲፈረንሻል ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት የተወሰደ ነው፤ በእሁዱ ላይ ገባ። ከዚያ ወዲህ ያሉትን 738 የሎግ ፋይሎች በተራ አስገባን፤ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወሰደ። ምክንያቱን ፍለጋ የጠፋው አንድ ሰዓት ተጨምሮ ጠቅላላው 4 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ሆነ። ዳታ አልጠፋም፤ የመመለሻ ጊዜው ግን አለፈ። ከዚያ በኋላ የአቅራቢው ሰዎች ባክአፕ የመውሰድ ፈቃድ ተነሳ። ሲያስፈልጋቸው አይቲ በ`COPY_ONLY` ይወስድላቸዋል። ያልታቀደ `D` ከተገኘ ደግሞ ጠዋት ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል።

ሁለተኛው ሙከራ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀ። 20 ደቂቃው ለውሳኔ ነው፤ ሰርቨሩ በ20 ደቂቃ ካልተነሳ የአይቲ ኃላፊው ማንንም ሳይጠይቅ ይጀምራል ተብሎ በጽሑፍ ተሰጥቶታል። ሙሉው 12፣ ዲፈረንሻሉ 6፣ 162 ሎጎች 22 ደቂቃ። መግቢያዎቹና ኢአርፒውን ማስነሳቱ 25። የቀረው 45 ደቂቃ ቁጥሩን ለማዝለል፣ የመጨረሻውን የሚዛን ትኬት፣ የመጨረሻውን ደረሰኝና የመጨረሻውን የምርት መግቢያ ከወረቀትና ከወለሉ ጋር ለማስተያየት ሄደ። ከማሽኑ ሥራ ይልቅ የሰው ማጣራት ረዘመ። እሱን ለማሳጠር አልሞከርንም፤ እንደ 4813 ያለ የተደገመ ቁጥር የሚያዘው እዚያ ላይ ነው።

ያልተዘጋ ነገር አለ። ይህ ሁሉ የሚሠራው አንድ ሕንፃ ሲጎዳ ነው። ግቢው በሙሉ ቢቃጠል ወይም ቫይረስ ገብቶ ማከማቻውንም ቢቆልፈው የሚቀረው ከተማ ያለው ኮፒና በየሳምንቱ ተነቅሎ የሚወሰደው ዲስክ ነው። ወደ ከተማ ሎጉ የሚላከው በየሰዓቱ ስለሆነ ለዚያ ዓይነት አደጋ የተቆረጠው ዒላማ የ1 ሰዓት መጥፋትና የ2 ቀን መመለሻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ይህን አይተው ፈርመውበታል። ከተማው ቢሮ ላይ እስካሁን ሙሉ ሪስቶር አልተሞከረም፤ ከዓመታዊ ቆጠራው በኋላ ተቀጥሯል።